ላጉ ከየት ነው የሚመጣው? በፒንግና በትሬስራውት አጣርተን እንያዘው

እኛ ቤት ከምሽቱ 2 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ሁለት ሰው ይጮሃል። ታናሽ ወንድሜ ጓዳ ሆኖ ፐብጂ እየተጫወተ "ቀድሜ ተኩሼው ነበር እኮ!" ይላል፣ እማ ደሞ ሳሎን ላይ ጅዳ ካለችው እህቴ ጋ በኢሞ እያወራች "ሀሎ... ሀሎ... ልጄ ድምፅሽ ተቆራረጠ" ትላለች፣ ከዛ ሁለቱም ዞረው የሚያዩት እኔን ነው። ኮምፒውተር ነክ ነገር ከሠራህ የቤቱ ኔትወርክ ባለዕዳ አንተ ነህ፣ ደሴ ይሁን ኮምቦልቻ ይሄ የትም አይለወጥም።

መጀመሪያ እንደ ሁሉም ሰው ስፒድ ቴስት ነበር የማደርገው። ጥሩ ያሳያል፣ እነሱ ግን መጮሃቸውን አይተዉም። ለካ ስፒድ ቴስት የሚነግረን በሰከንድ ስንት ሜጋ እንደሚያልፍ ነው፣ ጌምና ጥሪ ደሞ ብዙ ሜጋ አይበሉም። የድምፅ ጥሪ አብዛኛውን ጊዜ ድምፃችሁን በ20 ሚሊ ሰከንድ እየቆራረጠ ነው የሚልከው፣ በሰከንድ 50 ትንንሽ ፓኬት ማለት ነው፣ እያንዳንዱ ደሞ በተራው መድረስ አለበት። በጣም ዘግይቶ የደረሰው ፓኬት ቢደርስም ባይደርስም አንድ ነው፣ ቃሉ አልፏል። ስለዚህ ማወቅ ያለብን ፓኬቱ ደርሶ ለመመለስ ስንት ይፈጅበታል፣ ያ ጊዜ ምን ያህል ይዋዥቃል፣ ከመቶው ስንቱስ መንገድ ላይ ይቀራል የሚለውን ነው። ፒንግ ይሄን ያሳያል፣ ትሬስራውት ደሞ መንገዱ የቱ ጋ እንደተበላሸ ለመገመት ይረዳል።

አንድ ነገር ከወዲሁ ልበል፣ ከሦስቱ የደርሶ መልሱ ጊዜ ትልቅ መሆኑ እምብዛም አያስቸግርም። ቀጥ ብሎ 130 ሚሊ ሰከንድ ላይ የሚሄድ ኮኔክሽን 60 ላይ ቆይቶ በየደቂቃው 500 ከሚዘል ኮኔክሽን ለጌምም ለስልክም መቶ ጊዜ ይሻላል። 130ን እጃችሁ ይለምደዋል፣ መዝለሉን ግን ማንም አይለምደውም።

መጀመሪያ ራውተራችሁን

ብዙ ሰው በቀጥታ ጉግልን ፒንግ ያደርግና "ኔቱ ነው" ብሎ ይዘጋዋል። እንደዛ ስታደርጉ የቤታችሁ ዋይፋይ ችግር ከውጭው መስመር ችግር ጋ ይደባለቅባችኋል። ከቅርቡ እንጀምር።

ዊንዶውስ ላይ የዊንዶውስ ቁልፍና R አንድ ላይ ተጭናችሁ `cmd` ብላችሁ ጻፉና ኢንተር በሉ። ጥቁሩ መስኮት ላይ ይሄን ጻፉ፦

```
ipconfig
```

`Default Gateway` ከሚለው ጎን ያለው ቁጥር ራውተራችሁ ነው፣ እኔ ጋ 192.168.1.1 ነው፣ እናንተ ጋ ሌላ ሊሆን ይችላል። አሁን እሱን መቶ ጊዜ ጠይቁት፦

```
ping -n 100 192.168.1.1
```

መቶ ጊዜ ያልኩት ዝም ብዬ አይደለም። ምንም ሳትጨምሩ ፒንግ ካላችሁት ዊንዶውስ አራት ብቻ ልኮ ያቆማል፣ ከአራት አንድ ከጠፋ 25 በመቶ ይልና ያስደነግጣችኋል፣ አራቱም ከደረሱ ደሞ ሰላም ነው ብላችሁ ትሸወዳላችሁ። መቶው ከአንድ ደቂቃ ተኩል ትንሽ ያልፋል፣ ሻይ ቅዱ። አንድሮይድ ስልክ ብቻ ያላችሁ ተርሙክስ የሚባለውን አፕ ጭናችሁ ያንኑ ማድረግ ትችላላችሁ፣ የራውተሩን ቁጥር ስልካችሁ የዋይፋይ ሴቲንግ ላይ ያሳያችኋል፦

```
ping -c 100 192.168.1.1
```

ስልክ ላይ ግን አልፎ አልፎ ቁጥሩ ከፍ ቢል አትደንግጡ፣ ባትሪ ለመቆጠብ ዋይፋዩን በየመሀሉ ስለሚያስተኛው ነው። ላፕቶፕ ካለ በላፕቶፕ ለኩ።

ኬብል ከሰካችሁ `<1ms` ወይ 1 ማየት አለባችሁ። ዋይፋይ ከሆነ አብዛኛው ከ1 እስከ 5 ቢሆን፣ አልፎ አልፎ ትንሽ ዘለል ቢል፣ የጠፋ ግን ባይኖር ጤነኛ ነው። እኔ ላፕቶፑን ወንድሜ የሚጫወትበት ጓዳ አስገብቼ ስለካ የወጣው ግን ይሄ ነው፦

```
Packets: Sent = 100, Received = 93, Lost = 7 (7% loss),
Minimum = 2ms, Maximum = 412ms, Average = 38ms
```

ልብ በሉ፣ ይሄ ገና ከቤት አልወጣም! ራውተሩ ስምንት ሜትር የማይሞላ ቦታ ላይ ነው ያለው፣ እዛ ለመድረስ ከመቶው ሰባቱ ጠፉ፣ አንዱ ደሞ 412 ሚሊ ሰከንድ ፈጀበት። `Average` የሚለውን ብቻ ብታዩ "38 እኮ ምንም አይልም" ትሉ ነበር፣ አማካዩ ነው የሚሸውደው፣ ሁሌም `Lost` እና `Maximum` ላይ ነው ዓይናችሁን መጣል ያለባችሁ። ያንኑ ላፕቶፕ ሳሎን አምጥቼ ራውተሩ አጠገብ አስቀምጬ ደገምኩት፣ የጠፋ የለም፣ ትልቁ 9 ሚሊ ሰከንድ። ራውተሩ ደህና ነው ማለት ነው፣ የጓዳው ችግር በመሀል ያሉት ሁለት የብሎኬት ግድግዳዎችና የጎረቤት ዋይፋዮች ናቸው።

ራውተሩ ቲቪው ጀርባ ተደብቆ ነበር (እማ "ቤቱን አያምርም" ብላ)፣ ቡፌው አናት ላይ ወደ በሩ በኩል አወጣነው። ራውተሩ ሴቲንግ ውስጥ ገብቼ ደሞ የ2.4 ጊጋኸርዙን ቻናል ከአውቶ አውጥቼ 1 ላይ አደረግኩት፣ ምክንያቱም በስልክ ስካን ሳደርግ ጎረቤቶቼ በሙሉ 6 ላይ ነው የተጨናነቁት። ከ1፣ ከ6 እና ከ11 ውጭ አትምረጡ፣ የመሀሎቹ ከሁለቱም ወገን ጋ ይጋጫሉ። ከዛ ጓዳ ውስጥ ስለካ የጠፋው ዜሮ፣ ትልቁ 31። የወንድሜ ግማሽ ጩኸት እዚህ ጋ አለቀ፣ ሌላውን ግማሽ እንመለስበታለን።

አንዲት ወጥመድ አለች። ዊንዶውስ `Destination host unreachable` የሚል መልስ ሲመጣ እንደ ደረሰ ነው የሚቆጥረው፣ ስለዚህ መጨረሻ ላይ `0% loss` ብሎ ሊጽፍ ይችላል፣ መስመሩ ጭራሽ ተቋርጦ እያለ። የታችኛውን ድምር ብቻ ሳይሆን ከላይ የተዘረዘሩትንም አንዴ ገረፍ አርጓቸው።

ከዛ መንገዱን

ቤታችሁ ንፁህ ከሆነ ቀጥሎ ፓኬቱ በየት በየት እንደሚሄድ እንይ፦

```
tracert -d 8.8.8.8
```

ሊኑክስ ላይ `traceroute -n` ነው። `-d` የምትጨመረው የየራውተሩን ስም በመፈለግ ጊዜ እንዳይፈጅ ነው፣ ያለሷ እስከ መጨረሻው መጠበቅ ያታክታል።

አሠራሩ ቀላል ነው፣ ኬላ አስቡ። እያንዳንዱ ፓኬት ስንት ኬላ ማለፍ እንደሚችል የሚናገር ቁጥር ይዞ ነው የሚጓዘው፣ በየራውተሩ አንድ ይቀነስበታል፣ ዜሮ ሲሆን ያለበት ኬላ ይጥለውና "እኔ ጋ አልቆበታል" ብሎ ለላኪው መልእክት ይልካል። ትሬስራውት መጀመሪያ 1 የተጻፈበት ይልካል፣ የመጀመሪያው ኬላ ይመልሳል፣ ቀጥሎ 2፣ ቀጥሎ 3፣ እንደዛ እያለ መንገዱን ሁሉ ያስለፈልፈዋል። ለያንዳንዱ ኬላ ሦስት ሦስት ስለሚልክ ነው ሦስት ቁጥር የምታዩት።

እኛ ቤት አንድ ቀን የወጣው ይሄን ይመስላል፣ የመሀሎቹን አድራሻዎች ቀይሬያቸዋለሁ፦

```
1     2 ms     1 ms     2 ms  192.168.1.1
2    14 ms    13 ms    15 ms  10.20.0.1
3     *        *        *     Request timed out.
4   168 ms    21 ms    22 ms  10.20.8.5
5    96 ms    95 ms    97 ms  203.0.113.9
6    95 ms    96 ms    95 ms  8.8.8.8
```

ይሄን አንድ ጓደኛዬ አይቶ "ይኸው ሦስተኛው ላይ ተበጥሷል፣ አራተኛው ላይ ደሞ 168 ገብቷል" አለኝ። ሁለቱም ልክ አይደሉም፣ ሰው ሁሉ የሚሳሳተው ደሞ እዚሁ ጋ ነው። ሦስተኛው ላይ ቢበጠስ ኖሮ አራት፣ አምስትና ስድስት ከየት ይመልሳሉ? ያ ራውተር ፓኬቱን አሳልፏል፣ ለእንዲህ ዓይነት ጥያቄ አልመልስም ብሎ ተቀምጦ ነው እንጂ። 168ም ያው ነው። የራውተር ዋና ሥራ ማሳለፍ ነው፣ ለትሬስራውት መልስ መስጠትን ሲመቸው ነው የሚያደርገው፣ ሥራ ሲበዛበት ያዘገየዋል ወይ ጭራሽ ይተወዋል። በሱ ያለፉት ፓኬቶች ከሱ ኋላ ላሉት በ95 ከደረሱ እሱ ጋ አልዘገዩም።

መለያው አንድ ነው፣ መዘግየቱ ወይ መጥፋቱ ከአንድ ኬላ ጀምሮ እስከ መጨረሻው መስመር ድረስ ከቀጠለ እውነት ነው፣ መሀል ላይ ብቅ ብሎ ከጠፋ እርሱት። እውነት ሲሆንም ትንሽ ጥንቃቄ ይፈልጋል፣ መልሱ የሚመጣበት መንገድ ከሄደበት የተለየ ሊሆን ስለሚችል ችግሩ በመመለሻው በኩልም ሊሆን ይችላል።

ከ4 ወደ 5 ከ22 ወደ 95 መዝለሉስ? እሱ እስከ መጨረሻው ቀጥሏል፣ ስለዚህ እውነት ነው፣ ግን ብልሽት ሳይሆን ርቀት ነው። ፋይበር ውስጥ ብርሃን በአንድ ሚሊ ሰከንድ 200 ኪሎሜትር ያህል ነው የሚሄደው፣ ደርሶ መልስ ሲሆን በየ100 ኪሎሜትሩ 1 ሚሊ ሰከንድ ያዙ። ከደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎሜትር አካባቢ ስለሆነ 4 ሚሊ ሰከንድ ነው፣ ምንም አይደል። ፍራንክፈርት ግን በቀጥታ መስመር ራሱ ከ5,000 ኪሎሜትር በላይ ነው፣ ከ50 ሚሊ ሰከንድ በታች ማንም አይመልስላችሁም፣ ደሞ እኛ ባሕር የለንም፣ መስመሩ በጎረቤት አገር በኩል ወጥቶ የባሕር ኬብል ይዞ ተጠማዞ ነው የሚሄደው፣ ስለዚህ ሰርቨሩ አውሮፓ ከሆነ 100 እና ከዛ በላይ ብታዩ አይግረማችሁ። "ፒንግ ወደ 20 እናወርዳለን" የሚሉ አፖች ብርሃኑን አያፈጥኑትም። እና 8.8.8.8 አሜሪካ ነው ያለው ብላችሁ አትደምድሙ፣ ይሄ አድራሻ ብዙ አገር ላይ ነው የተቀመጠው፣ የሚመልስላችሁ ለመስመራችሁ የሚቀርበው ነው።

አሁን ላግ በሚያደርግበት ሰዓት

ከላይ ያለውን ሁሉ ጠዋት ብታደርጉት ምንም ላይወጣ ይችላል፣ እኔ ጋም ጠዋት ጠዋት ሁሉም ሰላም ነው። ስለዚህ ጩኸቱ በሚነሳበት ሰዓት ነው ማድረግ ያለባችሁ። ሦስት ጥቁር መስኮት ክፈቱና ጎን ለጎን አስቀምጧቸው፣ በየአንዳንዱ አንድ አንድ ጻፉ፦

```
ping -t 192.168.1.1
ping -t 10.20.0.1
ping -t 8.8.8.8
```

`-t` እስክታቆሙት ድረስ ይቀጥላል፣ የምታቆሙት Ctrl እና C ተጭናችሁ ነው። ሁለተኛው በትሬስራውት ያገኛችሁት ሁለተኛው ኬላ ነው፣ ከቤታችሁ መስመር ማዶ ያለው የኢንተርኔት አቅራቢው የመጀመሪያ በር በሉት። ለፒንግ የማይመልስ ከሆነ ቀጥሎ ያለውን የሚመልስ ውሰዱ።

ምሽት 2 ሰዓት ተኩል ገደማ ቁጭ ብዬ አየሁ። ራውተሩ 2፣ 2፣ 3። ሁለተኛው 14፣ 15፣ 14 ሲል ቆይቶ በአንዴ 640፣ 910፣ 1180፣ 1215፣ ከዛ አንድ `Request timed out`፣ ከዛ 1190። ጉግሉም አብሮ ወደላይ። እማ ያኔውኑ "ሀሎ?" አለች፣ ወንድሜ ከጓዳ ጮኸ። ራውተሩ እየመለሰ ሁለተኛው ኬላ ሲዘል ችግሩ በነሱ መሀል ነው፣ ማለትም ከቤት የሚወጣው መስመር ላይ።

እዚህ ጋ ስልክ አንስቶ አቅራቢውን መሳደብ ይቀላል፣ ግን መጀመሪያ ቤት ያሉትን ስልኮች አንድ በአንድ ዋይፋያቸውን አጠፋሁ። የኔን፣ ምንም የለም። የወንድሜን፣ እየተራገመ ሰጠኝ፣ ምንም የለም። የእማ ሌላኛውን ስልክ፣ ፎቶ የምታነሳበትን፣ ቻርጅ ላይ ተሰክቶ የተቀመጠውን ሳጠፋ 1190 የነበረው ወዲያው 14 ሆነ። መልሼ ሳበራው 1200። የዘመድ ሰርግ ቪዲዮ ሙሉውን፣ ዋይፋይና ቻርጅ ሲያገኝ ጠብቆ ወደ ክላውድ እየጫነው ነበር። በየማታው የራሷን ጥሪ የምትቆርጠው እማ ነበረች።

ለምን እንደዛ እንደሚሆን ሀረጎን የወጣ ሰው ይገባዋል። ከኮምቦልቻ ደሴ ያው 25 ኪሎሜትር አካባቢ ነው፣ ግን ፊትህ የተጫኑ ከባድ መኪናዎች ከተሰለፉ ሚኒባሱ ምንም ቀላል ቢሆን ተራውን ጠብቆ ነው የሚወጣው። የኛ መስመር የሚያወርደው ደህና ነው፣ የሚጭነው ግን በሰከንድ 1 ሜጋቢት አካባቢ ነው። ራውተሩ 100 ትላልቅ ፓኬቶችን ወረፋ ላይ ቢያቆይ፣ አንዱ 1,500 ባይት ነው፣ በ8 ስታባዙት 12,000 ቢት፣ መቶው 1.2 ሜጋቢት ይሆናል። በሰከንድ 1 ሜጋቢት ለሚያወጣ መስመር ያ 1.2 ሰከንድ ወረፋ ነው፣ 1200 ሚሊ ሰከንድ ማለት ነው፣ መስኮቱ ላይ የማየው ቁጥር። የእማ ድምፅ ከሰርጉ ቪዲዮ ኋላ ቆሞ ነው የሚሄደው። ወረፋው ሲሞላ ደሞ ትርፉ ይጣላል፣ `Request timed out` ያለው እሱ ነው። ስፒድ ቴስቱም ጥሩ የሚመስለኝ ዳውንሎዱን ብቻ ስለማይ ነበር፣ አፕሎዱን ዓይቼው አላውቅም።

መፍትሔው ሁለት ነው። የፎቶ ባክአፑን አጥፍታችሁ ጠዋት ማንም ሳይጠቀም በእጅ ማስነሳት፣ እኛ ያደረግነው ይሄን ነው። ወይ ደሞ ራውተራችሁ SQM የሚባል ወረፋ ማስተካከያ ካለው አፕሎዱን ከለካችሁት 85 በመቶ ላይ ገድቡት፣ ያኔ የጥሪው ትንንሽ ፓኬቶች ከትላልቆቹ ኋላ ተሰልፈው አይቆዩም። ትንሽ ስፒድ ትሰዋላችሁ፣ ግን መዝለሉ ይቀራል።

የጌሙን ሰርቨር ራሱን

ፐብጂ ላይ ሰርቨር መምረጫው ጋ ከየስሙ ጎን ሚሊ ሰከንዱን ያሳያችኋል፣ እሱን አወዳድራችሁ ምረጡ። የኮምፒውተር ጌም ከሆነ ጌሙ እየሠራ `resmon` ብላችሁ ክፈቱና ኔትወርክ የሚለው ገጽ ላይ የጌሙን ስም ፈልጉ፣ የሚያወራበት አድራሻ ይወጣል፣ እሱን ፒንግና ትሬስራውት አድርጉት። ብዙ የጌም ሰርቨሮች ለፒንግ አይመልሱም፣ መቶ በመቶ ጠፋ ቢላችሁ ጌሙ እየተጫወተ ከሆነ ሰርቨሩ አልሞተም፣ በትሬስራውት መጨረሻ ላይ የመለሰውን ኬላ ወስዳችሁ እሱን ለኩ።

ቤታችሁ ንፁህ ሆኖ ሁለተኛው ኬላ ላይ ከቀጠለ

ኮምቦልቻ ያለው የአክስቴ ልጅ ጋ የሆነው ይሄ ነው። የሁሉንም ሰው ዋይፋይ አጥፍቶ ላፕቶፑን በኬብል ራውተሩ ላይ ሰክቶ ሲለካ ራውተሩ ጋ የጠፋ የለም፣ ከሁለተኛው ኬላ ጀምሮ እስከ መጨረሻው ግን ከመቶ 4 እና 5 ይጠፋል፣ ጠዋትም ማታም። ሰዓቱ ሲለዋወጥ የማይለወጥ መጥፋት አብዛኛውን ጊዜ የመስመር ብልሽት ነው፣ ማታ ማታ ብቻ የሚመጣ ከሆነ ደሞ የሰው ብዛት ነው። ሦስት ቀን በሦስት ሰዓት እንዲህ እያደረገ ፋይል ላይ አስቀመጠው፦

```
ping -n 300 10.20.0.1 > mata1.txt
```

"ኔት አስቸገረኝ" ብሎ ሁለት ጊዜ ደውሎ "ራውተሩን አጥፍተህ አብራው" ነበር የተባለው። በሦስተኛው ቢሮ ሄዶ ፋይሎቹን ከስልኩ አሳይቶ "በኬብል ነው የለካሁት፣ ራውተሩ ጋ ዜሮ ነው፣ ከናንተ የመጀመሪያ በር ጋ 5 ነው" አላቸው። ቴክኒሻን መጣ፣ ውጭ ግድግዳው ላይ ዝናብ የሚመታውን የስልክ ሽቦ መገጣጠሚያ ፈታው፣ መዳቡ አረንጓዴ ሆኖ ነበር። ቆርጦ እንደገና ገጠመው። ልጁ እዛው ቆሞ 300 ደገመው፣ አንድም አልጠፋም።